የሲቪ ክምር በምን ይመዘን?

አንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ፤ 120 ሲቪ ደረሰው እንበል። ጠዋት የተነበበውና ከሰዓት በኋላ በድካም የተነበበው በእኩል ዓይን አይታዩም። ስለዚህ መመዘኛው የመጀመሪያው ሲቪ ሳይከፈት መዘጋጀት አለበት። ከተከፈተ በኋላ ከወጣ፣ ሳይታወቅ ለአንድ አመልካች ልክ ይሰፋል።

በቅድሚያ ግዴታው ከሚወዳደረው ይለያል። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ግዴታ ከሆነ ነጥብ አይሰጠውም፤ የሌለው እዚያው ይቀራል። የቀሩትን መመዘኛዎች ክብደት የሚወስነው ሥራውን በቅርብ የሚያውቀው የክፍሉ ኃላፊ ቢሆን ይመረጣል። በእኛ ምሳሌ ወርኃዊ ሒሳብ መዝጋት 40፣ የግብር ማስታወቂያ ማዘጋጀት 30፣ ፒችትሪ 20፣ ኤክሴል 10 ይዘዋል።

ለእያንዳንዱ መመዘኛ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ጥሩ ልምድ» ለአንዱ አንባቢ 2፣ ለሌላው 3 ነውና እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ መጻፍ አለበት። ሒሳብ መዝጋትን በተመለከተ ምንም ካልተጠቀሰ 0፣ ደረሰኝ ብቻ ከመዘገበ 1፣ ሲዘጋ ካገዘ 2፣ ራሱ ከዘጋ 3። የአገልግሎት ዘመን አልገባም፤ ስምንት ዓመት ደረሰኝ የመዘገበ ሰው አንድም ወር ዘግቶ ላያውቅ ይችላል።

እንዲህ ያለው አመልካች በቅደም ተከተል 1፣ 1፣ 3፣ 3 አገኘ። ሦስት ዓመት የሠራችው ሌላዋ ደግሞ 3፣ 2፣ 1፣ 1። በተራ ድምር እሱ 8፣ እሷ 7 ናቸው። ክብደቱ ሲገባ ግን እሱ 53፣ እሷ 70 ከመቶ ያገኛሉ። ክብደቶቹ በኤክሴል ሁለተኛ ረድፍ ላይ፣ የአመልካቹ ነጥብ በሦስተኛው ላይ ካለ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=SUMPRODUCT($B$2:$E$2,B3:E3)/3
```

ሲታረም ስም፣ ፎቶና የትውልድ ቦታ ቢሸፈኑ ጥሩ ነው፤ በእኛ አገር የአባት ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል። አንድን ሲቪ ከላይ እስከ ታች ከመጨረስ ይልቅ የሁሉንም ሒሳብ መዝጋት፣ ቀጥሎ የሁሉንም ግብር ማየት ይሻላል፤ ያማረ ፒችትሪ ሌላውን ነጥብ ይዞ እንዳይወጣ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሲቪዎች ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ያርሙ። በአንድ መመዘኛ ላይ ደጋግመው ከተለያዩ መግለጫው እንደገና ይጻፋል፤ አሥሩም እንደገና ይታረማሉ።

ሁሉም በፒችትሪ 3 ካገኙ ያ 20 ማንንም ከማንም አይለይም፤ ወደ ግዴታዎቹ ማዛወር ነው።

ውጤቱንም ከልክ በላይ ማመን አይገባም። በሒሳብ መዝጋት ላይ የአንድ ነጥብ ልዩነት ብቻ ውጤቱን በ13 ገደማ ያንቀሳቅሰዋል። ማለፊያው 70 ከሆነ፣ 60 እና 67 ያገኙትን ሌላ አንባቢ እንደገና አይቷቸው ነው ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት የሚለዩት።