ክንዱ ካልዞረ ሳህኑ አይጠራም

ዲሽዋሸር ውስጥ ዕቃ የሚያጥበው ውሃ ነው፤ ያውም ብዙ ውሃ አይደለም። የዛሬዎቹ ማሽኖች አንድ ሙሉ እጥበት የሚጨርሱት በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ ነው። ይህ ውሃ ከማሽኑ ወለል ይጠራቀማል፤ ፓምፑ ወደ ላይ ይረጨዋል፤ ዕቃውን አጥቦ ይወርድና በማጣሪያው አልፎ እንደገና ይረጫል። የሚረጩት ቀዳዳ ያላቸው ረዣዥም ክንዶች ናቸው፤ አንዱ ከታችኛው መደርደሪያ ሥር፣ ሌላው ከላይኛው መደርደሪያ ሥር ይገኛል። ከጣሪያው ሦስተኛ ያላቸውም አሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ በአብዛኞቹ ማሽኖች እነዚህን ክንዶች የሚያዞር ሞተር አለመኖሩን ነው። ከቀዳዳዎቹ ጥቂቶቹ ወደ ጎን ዘንበል ተደርገው ተበስተዋል። ውሃው በእነሱ በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ሲወጣ ክንዱን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል፤ መዞሪያው ጉልበት ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ደካማ ነው። በጣት ቢነኩት ይቆማል፤ የሹካ ጫፍ ቢነካውም እንዲሁ።

ሲቆም ታዲያ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። ፓምፑ መግፋቱን፣ ሰዓቱም መቁጠሩን ይቀጥላል፤ ውሃው ግን ከቆመው ክንድ በዚያው በአንድ መስመር ብቻ ይረጫል። በሩ ሲከፈት ከክንዱ ትይዩ የነበሩት ጥቂት ሳህኖች ጠርተው፣ ጎረቤቶቻቸው ወጥ እንደተለጠፈባቸው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሳሙናውን ይወቅሳል፤ ይቀይራል፤ ለውጥ የለም።

መደርደሪያውን ለማን ዕቃ እንደሠሩትም ማሰብ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1886 በአሜሪካ ለዕቃ ማጠቢያ ማሽኗ የፈጠራ መብት ያገኘችው ጆሴፊን ኮክሬን የሽቦ ክፍሎቹን የሠራችው የራሷን ሳህኖች ለክታ ነበር። የዛሬው መደርደሪያም እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ጠፍጣፋ ሳህን ለሚበላበት ቤት የተለካ ነው። እኛ ደግሞ ከአንድ ትሪ እንበላለን።

እስቲ ሜሪላንድ ያለ አንድ የሐበሻ ቤት በበዓል ማግስት እናስብ። የሚታጠበው የእንጀራው ትሪ፣ ዶሮ የተሠራበት ድስት፣ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ፣ ሳህኖች፣ ብርጭቆዎችና ሲኒዎች ናቸው። ከትሪው እንጀምር፤ የሚበላሸው ከእሱ ነውና። ወርዱ 45 ወይም 50 ሳንቲሜትር ነው። በታችኛውና በላይኛው መደርደሪያ መካከል ያለው ክፍተት ግን በብዙ ማሽኖች 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ሰው ከሳህኖቹ ላይ አጋድሞ ያስገባዋል። ያን ጊዜ ትሪው ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል፦ ጠርዙ የላይኛውን ክንድ ይይዛል፤ ሆዱ ደግሞ ከላይ የሚወርደውን ከሳህኖቹ፣ ከታች የሚረጨውን ከብርጭቆዎቹ ይጋርዳል። ትሪውን በእጅ ማጠብ ነው። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ድስቱ ይገባል፤ መሀል ላይ ግን አይቀመጥም። ወደ ጎን ሆኖ አፉን ወደ ታችና ወደ መሀል ያዘነብላል፤ ሳህኖቹም ፊታቸውን ወደ መሀል መልሰው፣ ሳይነካኩ ይቆማሉ። ከሥሩ ያረረ ሽንኩርት ካለ አስቀድሞ ይዘፍዘፍ፤ ያረረን ነገር የሚረጭ ውሃ አይፍቀውም። ሳህን ላይ የተረፈውን ግን በማንኪያ ጠርጎ መጣል ይበቃል እንጂ አስቀድሞ ማጠብ አያስፈልግም።

ጭልፋው ትንሽ መስሎ ብዙ ያጠፋል። በማንኪያው ቅርጫት እጀታው ወደ ላይ ከቆመ የላይኛውን ክንድ ይመታል። ተገልብጦ ከገባ ቀጭኑ እጀታ በቅርጫቱ ወለል ሾልኮ የታችኛውን ይይዛል። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በጎኑ ቢጋደም ሁለቱም ነጻ ይሆናሉ። ሲኒዎቹም እዚያው ላይ፣ አፋቸው ወደ ታች፣ በሽቦዎቹ መካከል ተጠጋግተው ቢደረደሩ ይሻላል። ቀላል ስለሆኑ ብቻውን የቆመ ሲኒ በውሃው ግፊት ይገለበጥና ቆሻሻ ውሃ አቁሮ ይወጣል። የፕላስቲክ ክዳንማ ጭራሽ ተወርውሮ ወለሉ ላይ ሊወድቅና የታችኛውን ክንድ ሊያቆም ይችላል፤ ከላይ ሆኖ ሌላ ዕቃ ሊጫነው ይገባል። ጀበናውና የእንጨት ማማሰያው ከዚህ ጨዋታ ውጭ ናቸው።

ክንዱ የሚዞረው በክብ ነው፤ መደርደሪያው ግን ማዕዘን አለው። ስለዚህ ከማዕዘኖቹ ትንሽ ወጣ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ክንዱን አይነካም፤ ውሃም የሚደርሰው በቀጭኑ ነው። በጣም የቆሸሸው ወደ መሀል፣ ረጅምና ብዙም ያልቆሸሸው ወደ ማዕዘን ማለት ነው። አንድ ቦታ ግን ተጠንቀቁ፦ የሳሙናው ሳጥን ፊት ለፊት መክተፊያ ወይም ትልቅ ሳህን ከቆመ ክዳኑ አይከፈትም፤ ሳሙናውም በመጨረሻ እንዳለ ይገኛል።

በሩ ከመዘጋቱ በፊት ክንዶቹን በጣት ማዞር የተለመደ ምክር ነው፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን መደርደሪያውን ወደ ውጭ ስቦ ነው። እንዲህ ከሆነ የላይኛው ክንድ ሁልጊዜ ይዞራል፤ የሚያቆመው ከሥሩ ያለው ድስትና ጭልፋ ነውና። ሁለቱንም መደርደሪያ እስከ መጨረሻው አስገብቶ፣ እጅን በመካከላቸው ሰድዶ ነው ማዞር። መደርደሪያው ሙሉ በሙሉ መግባቱ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። በብዙ ማሽኖች የላይኛው ክንድ ውሃ የሚያገኘው ከኋላ ካለ ቱቦ ጋር አፍ ለአፍ ሲገጥም ነው። ከኋላ ያለ ድስት ጥቂት ከገታው ክንዱን ማንም ሳይነካው በውሃ እጥረት ይቆማል።

አሁንም ጥርጣሬ ካለ ማሽኑን ራሱን መፈተን ይቻላል። የሁለቱንም ክንዶች ጫፍ ወደ በሩ አዙሩና አስጀምሩ። ውሃው መርጨት ከጀመረ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በሩን በትንሹ ክፈቱ፤ ውሃው እስኪቆምና እንፋሎቱ እስኪወጣ ጠብቁና እዩ። አንዳንድ ማሽን ክንዶቹን በየተራ ስለሚያሠራ አንዱ ባለበት ቢገኝ ቶሎ አትፍረዱ፤ ዘግታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ድገሙት። ደግሞም ባለበት ከተገኘ የሚነካውን ፈልጉ። በጆሮም ይታወቃል፦ የሚዞር ክንድ ውሃውን በሩ ላይ በየተራ ሿ፣ ሿ ያደርጋል፤ የቆመው አንድ ወጥ ድምፅ አለው፤ ዕቃ የሚመታው ቃ፣ ቃ ይላል።

ምንም ሳይነካው የሚያዘግም ከሆነ ቀዳዳዎቹን በብርሃን ተመልከቱ። የጥቁር አዝሙድ ፍሬ፣ የሮዝመሪ ቅጠል፣ ከጠርሙስ የተላጠ ወረቀት እዚያ ይቀረቀራል፤ በጥርስ መጎርጎሪያ ይወጣል። ማጣሪያውም በእንጀራ ፍርፋሪ ሲደፈን ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ያንሳል፤ በብዙ ማሽኖች ከታች ጠምዘዝ አድርጎ ማውጣትና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ይቻላል።