በፊደልና በላቲን የሚነበብ የሠርግ አዘጋጅ ድርጅት ስም

የሠርግና የድግስ አዘጋጅ ድርጅት ስም በጥሪ ካርድ ላይ በፊደል፣ በኢንስታግራም አድራሻ ደግሞ በላቲን ስለሚጻፍ፣ ስሙን የሰማ ሙሽራ ፈልጎ ማግኘት የሚችለው ሁለቱም አጻጻፎች የማያሻሙ ሲሆኑ ነው። ዋናው እንቅፋት ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ጥ» እና «ሽ» ያለው ስድስተኛው የፊደል ቅርጽ ነው፤ አናባቢው አንዳንድ ጊዜ የሚሰማ፣ ሌላ ጊዜ የሚዋጥ በመሆኑ በላቲን አንድ ወጥ ምልክት የለውም።

«ጥሎሽ» የተባለ ድርጅት ቢኖር፣ ደንበኞች Tilosh፣ Telosh ወይም Tlosh ብለው ይፈልጉታል፤ የ«ጠ» ድምፅም በላቲን ከ«ተ» ስለማይለይ፣ Tilosh የሚለውን ያየ አንባቢ «ቲሎሽ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። «ሠርግ» የሚለው ቃልማ በፊደሉም ቢሆን በ«ሠ» እና በ«ሰ» ስለሚጻፍ ችግሩ ገና ከአማርኛው ይጀምራል።

በአንጻሩ «ሎሚ»፣ ወጣቶች በጥምቀት ለወደዷት ልጃገረድ የሚወረውሩት ፍሬ እንደመሆኑ ለሠርግ የሚስማማ ሲሆን፣ ሳብዕና ሣልስ፣ ማለትም ሰባተኛውና ሦስተኛው ቅርጽ፣ አናባቢያቸው ግልጽ በመሆኑ Lomi ተብሎ ይጻፋል፣ ተመልሶም «ሎሚ» ይሆናል። ብቻውን ሲፈለግ ግን ፍሬው ስለሚቀድም ተጨማሪ ቃል ያሻዋል፤ ያም ቃል «ድግስ» ከሆነ የሳድሱ ችግር ይመለሳል፣ Digis እና Degs ሁለቱም ይጻፋሉና። ስለዚህ ስሙ ከመመዝገቡ በፊት ለጥቂት ሰዎች በቃል ብቻ ተነግሯቸው በሁለቱም ፊደላት እንዲጽፉት ማድረግና አጻጻፎቹ የሚለያዩበትን ፊደል መለየት ይገባል።