የ11,315 ብር ልዩነት

በወሩ መጨረሻ የአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ሌጀር ከባንክ ስቴትመንቱ 11,315 ብር በልጦ ተገኘ እንበል። ከባንኩ የወረደውንና የሌጀሩን ሠንጠረዥ ኤክሴል ላይ አንድ ፋይል ውስጥ አስገቡና የእያንዳንዱን ገንዘብ መጠን ድግግሞሽ በሁለቱም በኩል ቁጠሩ። ብዙዎች VLOOKUP ይጠቀማሉ፤ እሱ ግን የመጀመሪያውን ካገኘ ስለሚበቃው ድርብ ምዝገባን ይደብቃል።

```
=COUNTIF(Bank!C:C,C2)-COUNTIF(Ledger!C:C,C2)
```

ዜሮ ካልሆነ መስመሩ ይታያል። እዚህ 8,500 ብር ገቢ ባንኩ ላይ አንዴ፣ ሌጀሩ ላይ ሁለቴ ተገኘ። ለመሰረዝ አትቸኩሉ፤ ሁለት ደንበኞች እኩል ከፍለው የአንዱ ቼክ ገና ባንክ ያልገባ ሊሆን ይችላል። የማጣቀሻ ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ግን ያው ገቢ ሁለቴ ተጽፏል።

115 ብር የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ ባንኩ ቆርጦታል፣ ሌጀሩ አያውቀውም።

የቀረው 2,700 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ ስለሚሆን፣ የተገለባበጠ ቁጥር መፈለግ ያዋጣል። ባንኩ ላይ 13,600 የገባው ሌጀሩ ላይ 16,300 ተብሎ ነበር።

ሂሳቡ ገጠመ ብሎ መስመሮቹን ሳያዩ መዝጋት ግን አደገኛ ነው፤ የጎደለ ገቢና የጎደለ ወጪ እኩል ከሆኑ ድምሩ ላይ አይታዩም።