አንድ ኮምፒውተር፣ አርባ ስምንት ተጫዋች

አርባ ስምንት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንድ ኮምፒውተር ቢቀመጥና የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ እኩል ይከፋፈል ቢባል፣ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 50 ሰከንድ ነው። አንዱ ተነሥቶ ሌላው እስኪቀመጥ የሚባክነው ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ብዙ የወጣት ማዕከላትና ትምህርት ቤቶች «ተራ በተራ» ብለው ጀምረው የሚሸነፉት በዚህ ስሌት ነው። ሁለት ሦስት ቀልጣፎች ማውሱን ይይዛሉ፤ ከኋላቸው የቆሙት አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ የቀሩት ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

መውጫው ልጆቹን ወደ ኮምፒውተሩ ማስጠጋት ሳይሆን ጨዋታውን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ ማምጣት ነው። ማሽኑ ዳኛ ይሆናል፤ ዕጣ ያወጣል፣ የሆነውን ይናገራል። ማሰቡ፣ መከራከሩና መመዝገቡ ግን በየቡድኑ ይካሄዳል።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ጨዋታ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዶን ራዊች የተባለ ወጣት የአስተማሪነት ልምምድ ላይ ሳለ፣ በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የአሜሪካን ምዕራብ ታሪክ ያስተምር ነበር። ሠፋሪዎች በበሬ በሚጎተት ጋሪ ወደ ኦሪገን ያደረጉትን ጉዞ በቦርድ ጨዋታ ሊያስረዳ ሲያዘጋጅ፣ አብረውት የሚኖሩት ሁለት የሒሳብ መምህርነት ሠልጣኞች፣ ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር፣ ለምን በኮምፒውተር አይሆንም አሉት። ሦስቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ጽፈው ጨረሱት፤ «ኦሪገን ትሬይል» ተባለ። ተማሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1971፣ በእኛ ኅዳር 23 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ቴሌታይፕ የሚባል፣ በስልክ መስመር ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገር የጽሕፈት መሣሪያ ነበር። ስክሪን የለውም፤ መልሱን በጥቅል ወረቀት ላይ እያንጣጣ ያትማል። ልጆቹ በቡድን ሆነው በየተራ ይቀርቡለት ነበር። ማሽኑ ምን ያህል ገንዘብ ለምግብ፣ ምን ያህል ለጥይት፣ ምን ያህል ለልብስ እንደሚያወጡ ይጠይቃል። ከዚያ የሁለት ሳምንት መንገድ ያስኬዳቸውና ያጋጠማቸውን ይነግራቸዋል። አደን ሲገጥም BANG የሚለውን ቃል በፍጥነትና ሳይሳሳቱ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የዘገየ ሥጋ አያገኝም።

ተማሪዎቹ ማንም ሳያዛቸው ሥራ ተከፋፈሉ። ጣቱ የፈጠነ ለአደን ይቀመጣል፣ አንዱ ካርታው ላይ የደረሱበትን ይከታተላል፣ ሒሳብ የሚችለው ገንዘቡን ይይዛል። የማሽኑ ጥያቄ በአንድ ሰው ራስ ብቻ የሚመለስ ስላልነበረ ከፊቱ ያልተቀመጠውም ሥራ ነበረው።

አንዱ ማውሱን እንዳይቆጣጠረው ለሁሉም ማውስ መስጠት ሌላው መንገድ ነው። በሕንድ የማይክሮሶፍት ምርምር ማዕከል ባልደረቦች፣ ኡዳይ ሲንግ ፓዋር፣ ጆዮጂት ፓልና ኬንታሮ ቶያማ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ በገጠር ትምህርት ቤቶች ይህን ሞከሩት። በአንድ ስክሪን ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማውስና የራሱ ቀለም ያለው ጠቋሚ ሰጡ። ቀድሞ ለጠቆመ ነጥብ በሚሰጥበት ውድድር ወንዶቹ መልሱን ሳያስቡ ያገኙትን ሁሉ ይጫኑ ጀመር፤ ትምህርቱም ተበላሸ። ሁሉም ትክክለኛውን መልስ ሳይጫኑ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አይታለፍም ሲባል ግን የፈጠነው ያልገባውን ማስረዳት ግድ ሆነበት፤ ውጤቱም ተሻሻለ። ሆኖም ይህ ልዩ ፕሮግራም ይፈልጋል። ተራ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ማውስ ቢሰካ ሁለቱም ያንኑ አንድ ጠቋሚ ይጎትቱታል።

ልዩ ፕሮግራም ለሌለው ክፍል የራዊች ሐሳብ ይቀርባል። ለእኛ የታሪክ መምህር ደግሞ ጉዳዩ በእጁ አለ፤ የሲራራ ነጋዴው ጉዞ። ከቦንጋ ተነሥቶ በጅማ፣ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃሙ የባሶ ገበያ፣ ከዚያ በጎንደር አድርጎ ምጽዋ የሚደርሰው መንገድ ለስድስት ዙር ጨዋታ ይበቃል። የሚያስፈልገው ኤክሴል ወይም ሊብሬ ኦፊስ ካልክ ሲሆን፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይህ ይጻፋል፤

```
=CHOOSE(RANDBETWEEN(1,6),"መንገዱ ሰላም","ወንዝ ሞላ","ኬላ","በቅሎ ሞተ","ሽፍታ","ገበያ ደራ")
```

F9 በተጫኑ ቁጥር ከስድስቱ አንዱ ይወጣል። አንዳንድ ኮምፒውተር በኮማው ፈንታ ነጠላ ሰረዝ ከነጥብ ጋር (;) ይፈልጋል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ በዚያው ገጽ የትኛውም ሳጥን ላይ አንድ ነገር ሲጻፍ ዕጣው ራሱን ይቀይራል። ስለዚህ የወጣው ወዲያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ሒሳቡም በደብተር ይያዝ። መብራት ቢጠፋ ጨዋታው ደብተሩ ላይ ስላለ፣ መምህሩ ስድስት ቁራጭ ወረቀት በቆብ ውስጥ አድርጎ መቀጠል ይችላል።

አርባ ስምንቱ ልጆች ስምንት ስምንት ሆነው ስድስት ቡድን ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን 100 አሞሌ ይሰጠዋል። አንድ በቅሎ ከነጭነቱ 10 አሞሌ ይገዛል፤ ምጽዋ ሲደርስ ጭነቱ 30 አሞሌ ያወጣል። ዋናው ብልሃት አንድ ዕጣ ለሁሉም ቡድን መውጣቱ ነው። ቡድኖች ተራ በተራ ከተጫወቱ አንዱ ሲጫወት አምስቱ ሥራ ይፈታሉ፤ ዕጣው የጋራ ከሆነ ግን ስድስቱም ባንድ ጊዜ ያሰላሉ።

አንድ ዙር እንይ። የመጀመሪያው ቡድን ትርፍ አይቶ ስምንት በቅሎ ገዛ፤ 20 አሞሌ ቀረው። ሁለተኛው አራት ብቻ ገዝቶ 60 አሞሌ ያዘ። ዕጣው «ኬላ» ሆነ፤ ቀረጡም በበቅሎ 3 አሞሌ ነው። ሁለተኛው ቡድን 12 ከፍሎ በ48 ቀጠለ። የመጀመሪያው 24 ይጠበቅበታል፣ ያለው ግን 20 ነው፤ አንድ በቅሎ ለኬላ ጠባቂ መስጠት ግዴታው ሆነ። ነጋዴ ለምን ሀብቱን ሁሉ በጭነት ላይ እንደማያውል ልጆቹ በዚያች ደቂቃ ይገባቸዋል።

ውሳኔ የሚጠይቅ ዕጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወንዝ ሲሞላ፣ ቡድኑ «እንጠብቃለን» ወይም «እንሻገራለን» ብሎ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጽፋል። ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ብቻ F9 እንደገና ይጫናል። «መንገዱ ሰላም» ከወጣ የተሻገረው አለፈ፤ ሌላ ከወጣ አንድ በቅሎ ወንዝ ወሰደው። የጠበቀው ደግሞ ለስንቅ 4 አሞሌ ያወጣል።

ዕጣዎቹ እኩል ዕድል ያላቸው መሆኑ የዚህ ጨዋታ ድካም ነው። በበጋ ወንዝ አይሞላም። ራዊችም እ.ኤ.አ. በ1974 በሚኒሶታ የትምህርት ኮምፒውተር ተቋም ሲቀጠር ጨዋታውን አሻሽሎ፣ አደጋዎቹ የሚደርሱበትን ዕድል ከሠፋሪዎቹ የዕለት ማስታወሻዎች እያወጣ አስተካክሏል። የኛም ተማሪዎች የመንገደኞችን ታሪክ አንብበው «ወንዝ ሞላ» በክረምት ሁለቴ ይጻፍ፣ በበጋ ይውጣ እያሉ ቀመሩን ቢያርሙት ከጨዋታው የበለጠውን ትምህርት ያገኙበታል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቡድኑ ውስጥ ነው። ስምንት ልጆች ባሉበት አንድ ደፋር ለሁሉም ይወስናል። ይህን ለማወቅ መምህሩ ከቡድኑ መካከል ዝም ያለውን አንዱን ጠርቶ «ለምን ጠበቃችሁ?» ይበለው። መልስ ካጣ ጨዋታው የአንድ ሰው ሆኗል ማለት ነው። ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ካርታ ያዡና ቃል አቀባዩ በየዙሩ ይቀያየሩ፤ ያለፈው ዙር ቃል አቀባይ በሚቀጥለው ዙር የመወሰን ድምፅ አይኑረው። ኮምፒውተር እስኪበዛ የሚጠብቅ መምህር ካለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ሰጥቶ ይሞክረው።