ጆሮው የሚያመው ሕፃን፦ መቼ እንጠብቅ? መቼ እንሂድ?

በጋፋትም ሆነ በጉና ሥር ባሉት ቀበሌዎች ክረምቱ ሲገባና የኅዳር ብርድ ሲበረታ ጉንፋን ከቤት አይጠፋም፡፡ ጉንፋኑ ትልቁን ሰው አስነጥሶት፣ አስሎት ይሄዳል፡፡ ሕፃኑን ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሌሊት ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ ያስለቅሰዋል፡፡ እናት «ምች መታው» ትላለች፡፡ አያት «ጥርሱ ሊወጣ ነው» ይላሉ፡፡ ብዙውን ጊዜ ግን ሕመሙ ያለው ጆሮው ውስጥ ነው፡፡

እናንተ ወላጆች ስለዚህ ሕመም ሁለት ነገር ማወቅ አለባችሁ፡፡ አንደኛው፣ አብዛኛው የጆሮ ሕመም በራሱ የሚድን መሆኑን ነው፡፡ ሁለተኛው፣ በራሱ የማይድነውን ለይቶ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው፡፡

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

የጆሮ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በስስ ቆዳ ይዘጋል፡፡ ይህ ቆዳ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስለሆነ የጆሮ ታምቡር ይባላል፡፡ ከታምቡሩ በስተጀርባ ትንሽ ባዶ ክፍል አለች፡፡ እርሷም መካከለኛው ጆሮ ትባላለች፡፡ ከዚህች ክፍል አንድ ቀጭን ቱቦ ተነሥቶ ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፡፡ ቱቦው አየር ያስገባል፣ እርጥበት ያስወጣል፡፡

ፈሰስ ያልወጣለት ማሳ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፡፡ ዝናቡ መውረጃ ስለሚያጣ ውሃው ይተኛበታል፤ እህሉም ይበሰብሳል፡፡ የሕፃን ጆሮም እንዲሁ ነው፡፡ የትልቅ ሰው ቱቦ ረዘም ያለና ቁልቁል የሚወርድ ሲሆን የሕፃን ቱቦ ግን አጭርና ዝርግ ነው፡፡ ጉንፋን ሲይዘው ቱቦው ያብጥና ይደፈናል፡፡ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፡፡ ከጉሮሮ የመጣ ተሕዋስ ሲገባበት ፈሳሹ መግል ይሆንና ታምቡሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል፡፡ ልጁን የሚያስለቅሰው ይህ ግፊት ነው፡፡

እንግዲህ ብርድ ብቻውን ጆሮ አያሳምምም፡፡ የሚያሳምመው ብርዱን ተከትሎ የሚመጣው ጉንፋን ነው፡፡ ጭስ የታፈነበት ቤትም ሕመሙን ያበዛዋል፡፡

ምልክቱ ምንድን ነው?

መናገር የቻለ ልጅ «ጆሮዬን» ይላል፡፡ መናገር ያልቻለው ግን በሁኔታው ይታወቃል፡፡ ጆሮውን ይጎትታል ወይም ያሻል፡፡ ጋደም ሲያደርጉት ግፊቱ ስለሚጨምር ያለቅሳል፤ ሲያነሡት ጥቂት ይሻለዋል፡፡ ጡት ይይዝና ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ይተወዋል፤ መዋጥ ያሳምመዋልና፡፡ ሰውነቱ ይግላል፡፡

ጆሮ መጎተት ብቻውን ምልክት አይሆንም፡፡ ጤነኛ ሕፃንም በጆሮው ይጫወታል፡፡ ጉንፋን፣ ትኩሳትና የሌሊት ለቅሶ አብረው ሲገኙ ግን ጆሮን ጠርጥሩ፡፡

አንዳንዴ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ ጠዋት በድንገት ዝም ይላል፤ ትራሱም በመግል ረጥቦ ይገኛል፡፡ መግሉ ጥቂት ደም ሊኖርበት ይችላል፡፡ ይህ የሚሆነው ታምቡሩ ተበስቶ ግፊቱ ስለቀለለ ነው፡፡ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ተመልሶ ይጋጠማል፡፡ ሆኖም ሕመሙ ቀለለው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፡፡ መግል የወጣው ልጅ ሁሉ በባለሙያ መታየት አለበት፡፡

አንቲባዮቲክ ሁልጊዜ ለምን አያስፈልግም?

አንቲባዮቲክ የሚባለው እንደ አሞክሲሲሊን ያለው መድኃኒት ባክቴሪያ የሚባለውን ተሕዋስ ይገድላል፡፡ ቫይረስ የሚባለውን ግን አይነካውም፡፡ የልጅ ጆሮ ሕመም ከሁለቱም ይመጣል፡፡ ባክቴሪያ ሲሆንም እንኳ የልጁ ገላ ብዙውን ጊዜ ራሱ ታግሎ ያሸንፈዋል፡፡

ይህ በጥናት ታይቷል፡፡ ጆሯቸውን ከታመሙ 100 ልጆች 60 ያህሉ አንቲባዮቲክ ቢወስዱም ባይወስዱም በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ይለቃቸዋል፡፡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደግሞ ያለ አንቲባዮቲክ 80 ያህሉ ይሻላቸዋል፡፡ እንግዲህ አንቲባዮቲክ የመጀመሪያዋን ሌሊት ለቅሶ አያስቆምም ማለት ነው፡፡ ያን ሌሊት የሚረዳው የሕመም ማስታገሻ ነው፡፡

መድኃኒቱ ጉዳትም አለው፡፡ አንዳንዱን ልጅ ያስቀምጠዋል፣ ሌላውን ሽፍታ ያወጣበታል፡፡ ከዚህም በላይ ያለአግባብ በተወሰደ ቁጥር ደካማው ባክቴሪያ ይሞትና ጠንካራው ይቀራል፡፡ የቀረው ለዘር ይሆናል፡፡ ነገ ልጁ የሳምባ ምች ሲይዘው ያው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል፡፡ ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ክኒን ወይም ከታላቅ ወንድሙ የተረፈ ሽሮፕ አትስጡ፡፡

ነገር ግን «ሁልጊዜ አያስፈልግም» ማለት «ከቶ አያስፈልግም» ማለት አይደለም፡፡ እነዚያ ጥናቶች በአብዛኛው የተደረጉት ሐኪም ቅርብ በሆነባቸው ባለጸጋ አገሮች ነው፡፡ እዚያ ልጁ ካልተሻለው በማግስቱ ይመለሳል፡፡ በእኛ አገር ግን መንገዱ ሩቅ ነው፡፡ ስለዚህ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ልጁን አይቶ የጆሮ ሕመም ወይም 14 ቀን ያልሞላው መግል ሲያገኝ ለ5 ቀን አሞክሲሲሊን ሊያዝ ይችላል፡፡ ካዘዘ 5ቱንም ቀን ስጡ፡፡ በ2ኛው ቀን ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ፡፡ ባለሙያው መርምሮ «ለጊዜው መድኃኒት አያሻውም፤ ከ2 ቀን በኋላ መልሳችሁ አምጡት» ቢላችሁ ደግሞ ናቃችሁ ማለት አይደለም፡፡ ይህም ሕክምና ነው፡፡

ሁለት ልጆች በአንድ ቤት

በጋፋት አንድ ቤት ሁለት ልጆች አሉ እንበል፡፡ ትልቁ ዕድሜው 2 ዓመት ተኩል፣ ክብደቱ 12 ኪሎ ነው፡፡ ትንሿ 8 ወር ሆኗታል፡፡ ሁለቱም ጉንፋን ይዟቸዋል፡፡

ትልቁ ሰኞ ሌሊት «ቀኝ ጆሮዬን» ብሎ አለቀሰ፡፡ ሰውነቱ ሞቅ ብሏል እንጂ እንደ እሳት አይግልም፡፡ መግል የለም፡፡ ወላጆቹ ከ500 ሚሊግራሙ የፓራሲታሞል ክኒን ሩቡን ደቁሰው በማንኪያ ውሃ ሰጡት፡፡ ሕመሙ ሲመለስ ከ6 ሰዓት በኋላ ደገሙት፤ በቀን ከ4 ጊዜ አላሳለፉም፡፡ አስፕሪን አልሰጡትም፤ ለሕፃን አይሆንምና፡፡ ማክሰኞ ቀን በላ፣ ተጫወተ፡፡ ማክሰኞ ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ነቃ፡፡ ረቡዕ ሕመሙ ለቀቀው፡፡ ይህ ልጅ ያለ አንቲባዮቲክ ዳነ፡፡ ረቡዕ ባይሻለው ኖሮ፣ ወይም በመካከሉ ቢብስበት፣ ወይም መግል ቢወጣው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ ነበር፡፡

ትንሿም ጡት እየያዘች ትተዋለች፤ ገላዋ ይግላል፤ ስትጋደም ታለቅሳለች፡፡ እርሷን ግን ሁለት ቀን መጠበቅ አይገባም፡፡ ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሕመሙ ቶሎ ሊብስበት ይችላል፡፡ በተለይ ሁለቱም ጆሮ ከታመመ ወይም ልጁ ከ6 ወር በታች ከሆነ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፡፡ ስለዚህ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩአት፤ እርሷም ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች፡፡

መግል ሲወጣ ጆሮውን እንዴት እናድርቅ?

መግል የሚወጣው ጆሮ እንደ ረግረግ መሬት ነው፤ ካልደረቀ አይድንም፡፡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፡፡ ንጹሕና ውሃ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ ወስዳችሁ እንደ ጧፍ ፈትል ሹል አድርጋችሁ ጠቅልሉ፡፡ በቀስታ ወደ ልጁ ጆሮ አስገቡ፤ ሲርስ አውጡና ጣሉት፡፡ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ድገሙ፡፡ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥሉ፡፡ ይህንን በቀን 3 ጊዜ አድርጉ፡፡ ጨርቁን ጆሮው ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ፡፡ እንጨት ወይም ሹል ነገር አታስገቡ፡፡

ቅቤ፣ ዘይት፣ የጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ በጆሮው አትጨምሩ፡፡ ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ የጨመራችሁት ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፡፡ እንጥል ማስቆረጥም ጆሮን አያድንም፤ ደም ያፈስሳል፣ ሌላ ቁስል ያመጣል፡፡

መግሉ 14 ቀን ካለፈው ሕመሙ ሥር ሰዷል፡፡ ያን ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፡፡ ጆሮውን እያደረቁ ባለሙያው የሚያዝዘውን ጠብታ መጨመር ያስፈልጋል፡፡ ችላ ከተባለ መስማት ይቀንሳል፡፡ ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም ፈሳሽ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ልጁ ሲጠሩት ላይሰማ ይችላል፡፡ እምቢተኛ ሆነ ብላችሁ አትቅጡት፡፡ ከ3 ወር በኋላም በደንብ ካልሰማ አስመርምሩት፡፡

አንድ ሌሊት እንኳ የማያሳድሩ ምልክቶች

ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት ላይ ልጁ ሲነካ የሚያመው እብጠት ከታየ፣ ጆሮውም ወደ ፊት ከተገፋ፣ መግሉ ወደ አጥንት ገብቷል ማለት ነው፡፡ ከአጥንቱ እስከ አንጎል ሩቅ አይደለም፡፡ አንገቱ ከደረቀ፣ ካንዘፈዘፈው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ፈዝዞ አልነቃ ካለ፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ ወይም ሲሄድ ከተንገዳገደ ያው ነው፡፡ ከ2 ወር በታች የሆነ ጨቅላ ትኩሳት ብቻ ቢኖረውም ከዚሁ ይቆጠራል፡፡

እነዚህን ስታዩ ሌሊትም ቢሆን ተነሡ፡፡ ጤና ጣቢያ ቅርብ ከሆነ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥተው ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይልኩታል፡፡ ለጋፋት ሰው ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፡፡ መንገዱ ለሚርቃችሁ ግን ልጁን የሚሸከሙ ጎረቤቶችን ቀስቅሱ እንጂ መንጋቱን አትጠብቁ፡፡

ሕመሙን የሚቀንስ ክትባትም አለ፡፡ የጆሮና የሳምባ ሕመም ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፡፡ ልጁ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ሲሆነው ውሰዱት፡፡ ኩፍኝም ጆሮን ስለሚያመግል በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠውን የኩፍኝ ክትባት አታሳልፉ፡፡

አንብባችሁ ተወያዩ

1. ከ2 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ አንድ ጆሮው ቢያመውና ቢጫወት ስንት ቀን እንጠብቃለን? እስከዚያስ ምን እንሰጠዋለን?
2. የ8 ወር ሕፃን ለምን አይጠበቅም?
3. ከጆሮ ጀርባ እብጠት ቢታይ ከቀበሌያችን ወደ ደብረ ታቦር በሌሊት እንዴት እንደርሳለን? ማንስ ይሸከማል?