ኩፍኝ ለምን ሁለተኛ አይዝም?

የኩፍኝ ቫይረስ ከታመመ ሰው ሳል ወጥቶ በትንፋሽ ወደ ሌላ ሰው ሳንባ ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ባዕድ ነገርን እየዋጡ የሚያጠፉ ነጭ የደም ሴሎችን ነው። እነዚህ ሴሎች ከሰው ጋር አብሮ የሚወለደው መከላከያ አካል ናቸው። ለመነሣት ሰዓታት ይበቋቸዋል፤ ሆኖም አንዱን ተሕዋስ ከሌላው አጥርተው አይለዩም፣ ያለፈውንም ውጊያ እምብዛም አያስታውሱም። የኩፍኝ ቫይረስ ደግሞ ብልጥ ነው፦ በእነዚሁ ሴሎች ውስጥ ተሸሽጎ በአቅራቢያው ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይጓዛል።

ሁለተኛው፣ በልምድ የሚገኘው መከላከያ የሚቀሰቀሰው እዚያ ነው። በዕጢዎቹ ውስጥ ያሉት ቢ እና ቲ ሴሎች እያንዳንዳቸው የሚያውቁት አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ ነው። ከብዙ ሚሊዮኖቹ መካከል የኩፍኝን ቫይረስ የሚያውቁት ጥቂቶች ተመርጠው ይባዛሉ፤ ይህም ቀናት ይፈጃል። ቫይረሱ በገባ በ10 ቀን ገደማ ትኩሳት ይጀምራል፤ ሽፍታው የሚወጣው በ14ኛው ቀን አካባቢ ነው። ሽፍታው ራሱ ቲ ሴሎች በቆዳ ውስጥ በቫይረሱ የተያዙ ሴሎችን ሲያጠቁ የሚታይ ምልክት ነው። ቲ ሴሎቻቸው እጅግ በተዳከሙ ሕፃናት ላይ ሕመሙ ከባድ ሆኖ ሳለ ሽፍታው ላይታይ ይችላል።

ቢ ሴሎች የሚያመርቱት አንቲቦዲ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ ላይ ተጣብቆ ወደ ሴል እንዳይገባ ያግደዋል፤ አስቀድሞ የገባውን ግን ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ አንቲቦዲ መሥራት የማይችሉ ልጆች እንኳ ቲ ሴሎቻቸው ደኅና ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ከኩፍኝ ይድናሉ።

ሕመሙ ሲያልፍ ከተባዙት ሴሎች አብዛኞቹ ይሞታሉ። የቀሩት የማስታወሻ ሴሎች ቫይረሱ ዳግም ቢመጣ ፈጥነው ይባዛሉ፤ በአጥንት መቅኔ የሚቀመጡ ሌሎች ሴሎች ደግሞ ለዓመታት አንቲቦዲ ያመነጫሉ። የዚህ ትዝታ ዕድሜ በ1846 እ.ኤ.አ. በፋሮ ደሴቶች ታይቷል። ዴንማርካዊው ሐኪም ፒተር ፓኑም እንደመዘገበው፣ ኩፍኝ ከ65 ዓመት በኋላ ተመልሶ አብዛኛውን ነዋሪ ሲያሳምም፣ በ1781 ታመው የነበሩት አዛውንት አልተያዙም።

ይሁንና ኩፍኝ ለራሱ ትዝታ ትቶ የሌሎችን ያጠፋል። ቫይረሱ የማስታወሻ ሴሎችንም ስለሚያጠቃ፣ የዳነ ልጅ ቀድሞ ለሌሎች ተሕዋስያን ያዳበረውን መከላከያ በከፊል ያጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ያልተከተቡ ሕፃናት ከኩፍኝ በኋላ ከነበሯቸው የአንቲቦዲ ዓይነቶች ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆኑትን እንዳጡ አሳይቷል። በክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ የኩፍኝን ትዝታ ሲያስቀር በሌላው ትዝታ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርስም።