«እናየዋለን» ሲባሉ ቀኑን ይጠይቁ

በቢሮ ውስጥ ከእንግሊዝኛ የመጡ አባባሎችን ቃል በቃል ሲተረጉሙ ሰምተው ያውቁ ይሆናል። «ፈጣን ጥያቄ አለኝ» ወይም «ወደዚህ ተመልሰን እንመጣለን» ሲባል ነገሩ ይገባናል፤ ለጆሮ ግን ይከብዳል። አማርኛ ለሁለቱም የራሱ አነጋገር አለው።

ጥያቄው ትንሽ እንደሆነ የምናሳየው «ፈጣን» ብለን ሳይሆን «አንዴ» ወይም «አንድ ነገር» ብለን ነው። ለእኩያ ባልደረባ «አንዴ ላስቸግርሽ»፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» ይበቃል። ለአለቃ ደግሞ «ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» ይባላል። ጥያቄው አሁንም አለ፤ «ነበረኝ» ሲባል ግን አነጋገሩ ይለዝባል፤ አለቃውም «ትንሽ ቆይተን» ለማለት አይቸገሩም።

ጉዳይን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሦስት ተቀራራቢ ቃላትን ልብ ይበሉ። «ሐሙስ እንየው» ቀጠሮ ነው፤ ሰዎቹም ቀኑም ይታወቃሉ። «እናየዋለን» ሲባል ሰዎቹ አሉ፣ ቀኑ የለም። «ይታያል» ሲባል ደግሞ ማን እንደሚያየውም አይታወቅም። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ነገሩ ወደ ጨዋ እምቢታ ይጠጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ ንድፍ ነሐሴ 15 ቀን ለስብሰባ ቀረበ እንበል። ማተሚያ ቤቱ ሥራውን የሚረከበው እስከ ነሐሴ 25 ነው። ሥራ አስኪያጇ «ጥሩ ነው፣ እናየዋለን» አሉ። ንድፍ ሠሪው ተፈቀደ ብሎ ያስባል፤ የሽያጭ ክፍሉ ውድቅ ሆነ ብሎ ሌላ ሥራ ይጀምራል። አሥሩ ቀን እንዲሁ ያልቃል።

ይህን ለማስቀረት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «እሺ፤ ማተሚያ ቤቱ እስከ 25 ስለሚቀበል፣ ነሐሴ 20 ላስታውስዎት?» አለቃዎን አላፋጠጡም፤ የማስታወሱን ሥራ ለራስዎ ወስደዋል። «አዎ፣ አስታውሰኝ» ካሉ ጉዳዩ ቀጠሮ አለው። «አይ፣ እኔ እነግርሃለሁ» ካሉና በማግስቱም ቀን ካልቆረጡ፣ መልሱ እምቢታ ሳይሆን አይቀርም። ያን ጊዜ በሰው ፊት ከመጫን ይልቅ ለብቻቸው ሲሆኑ «ይህን ትተን ሌላ እናዘጋጅ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ግልጽ መልስ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

እርግጥ ቃሉ ብቻውን አይፈርድም። ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው እየጻፉ «እናየዋለን» የሚሉ አለቃ፣ ቀኑን ባይናገሩም እየቀጠሩ ነው። ዓይናቸውን ወደ ስልካቸው መልሰው ከሆነ ግን ቀኑን እርስዎ ያንሱት።

ልጆች ይህን ቀድመው ያውቁታል። ብስክሌት ጠይቀው «እናየዋለን» ሲባሉ ወዲያው «መቼ?» ይላሉ።